ስድስት ክፍል፣ አንድ ገጽ ደንብ፦ የሱሉልታ እንግዳ ማረፊያ የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1፦ የድሮው ወረቀት

ቤቱ ሱሉልታ፣ ከጎጃም መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባለ ስድስት ክፍል ገስት ሃውስ ነው። እንግዶቹ በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው። ለልምምድ የሚመጡ ሯጮች አሉ፤ ለሠርግና ለለቅሶ ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶች አሉ፤ ከውጭ ገብተው ወይም ወደ ውጭ ሊበሩ አንድ ሁለት ሌሊት የሚያድሩም አሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሯጩ ተኝቷል፣ የሠርጉ ዘመድ ገና ሞቅ እያለው ነው፣ ከአውሮፕላን የወረደው ደግሞ እንቅልፉ የት እንደቀረ አያውቅም። ደንቡ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ኮሪደር ማሳደር አለበት።

የድሮው ደንብ በሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። 23 አንቀጽ አለው፤ «ክልክል ነው» የሚለው 14 ጊዜ ተጽፏል። ሰዓት ግን አንድም ቦታ የለም። «ማታ መጮህ ክልክል ነው» ይላል፤ ማታው ከስንት እንደሚጀምር አይልም። «ክፍል በሰዓቱ ይለቀቅ» ይላል፤ የቱ ሰዓት እንደሆነ አይልም። ክርክር የሚነሳው እንግዳው አስቸጋሪ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ ራሱ ለክርክር በሩን ከፍቶ ትቶታል።

ከሁሉ የባሰው አንቀጽ 9 ነው፦ «እንግዳ ማስገባት ክልክል ነው።» ይህ የተለጠፈው በእንግዳ ማረፊያ ነው። በአማርኛ የሚያድረውም እንግዳ ነው፣ ሊጠይቀው የሚመጣውም እንግዳ ነው፤ አንባቢው የቱ እንደተከለከለ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቃል ተከፋፈልን። «እንግዳ» ተመዝግቦ የሚያድረው ብቻ ነው። እሱን ለማየት የሚመጣው «ጠያቂ» ነው። ከዚህ በኋላ በወረቀቱም፣ በጥበቃውም አፍ፣ በመዝገቡም ላይ ሁለቱ ቃላት አይቀላቀሉም።

በግድግዳ ላይ የሚወጡት ሦስት ጉዳዮች ብቻ እንዲሆኑ ወሰንን፦ ድምፅ፣ ጠያቂና ክፍል መልቀቂያ። የውኃ ማሞቂያው፣ የዋይፋዩና የቁርሱ ነገር ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ትንሽ ካርድ ይሄዳል። ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ ካጨቅነው ዋይፋይ የሚፈልገው ሰው የይለፍ ቃሉን አይቶ ዓይኑን ያነሳል፤ ሌላው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ቀን 2፦ ድምፁ በየት ያልፋል

ስለ ድምፅ ከመጻፋችን በፊት ድምፁ የሚያልፍበትን መንገድ ፈለግን። በ4ኛው ክፍል ቴሌቪዥን ከፍተን፣ በሩን ዘግተን፣ በ3ኛው ክፍል አልጋው ራስጌ ላይ አዳመጥን። የስልክ ድምፅ መለኪያ አፕም ያዝን። የስልኩ ቁጥር በራሱ አይታመንም፤ በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ ተዘግቶ አንድ ጊዜ ተከፍቶ የሚታየው ልዩነት ግን ይጠቅማል።

ቴሌቪዥኑ 25 ላይ ሲሆን ዜናው ቃል በቃል ይሰማል። 18 ላይ ሲወርድ ንግግር መሆኑ ይታወቃል እንጂ ቃሉ አይለይም። 15 ላይ ጠፋ። ግድግዳው ባለ 15 ሳንቲም ብሎኬት ስለሆነ ይህን ያህል ማሳለፍ አልነበረበትም። መሰላል ተይዞ የኮርኒሱ ክዳን ሲከፈት ምክንያቱ ታየ፦ ብሎኬቱ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያቆማል። ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ስድስቱም ክፍሎች አንድ ባዶ ጣሪያ ይጋራሉ። ድምፁ የሚሄደው በግድግዳው ሳይሆን በላይ ነው።

ይህ ለደንቡ ትርጉም አለው። እንግዳው በሩን ዘግቶ፣ ግድግዳውን መትቶ፣ «ብሎኬት ነው፣ አይሰማም» ብሎ ከልቡ ሊያምን ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግረዋል። ጣሪያው ውስጥ ግድግዳውን አስቀጥሎ መድፈን ትክክለኛው መፍትሔ ነው፤ እሱ ግን የግንበኛ ሥራ ነው፣ ለበጋ ተይዟል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ይህን ፍተሻ ዝናብ በሌለበት ሌሊት ብቻ ያድርጉት። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ሁሉም ክፍል ጸጥ ያለ ይመስላል፤ መስከረም ሲጠባ ቅሬታው ይመጣል።

በዚያው ሌሊት ደንብ የማይፈታው ሁለት ነገር ተገኘ። አንዱ የግቢው የብረት በር ነው። ሯጮቹ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣሉ፤ መቀርቀሪያው ሲሳብ 1ኛና 2ኛ ክፍል ይነቃሉ። ሌላው የ5ኛው ክፍል በር ነው፤ በኮሪደሩ ንፋስ ራሱን ይመታል። «በር በቀስታ ይዝጉ» ብሎ መለጠፍ እዚህ ዋጋ የለውም፣ ምክንያቱም የሚመታው ንፋሱ እንጂ ሰው አይደለም። ማጠፊያዎቹ ግሪስ ተቀቡ፤ የግቢው በር የሚያርፍበት ብረት ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ተጣበቀ፤ በ5ኛው ክፍል የበር ማረፊያ ጠርዝ ዙሪያ ስፖንጅ ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ ብቻ ስለ ሰው መጻፍ ተገቢ ሆነ።

ቀን 3፦ የጸጥታ ሰዓት

በአገራችን ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው የድምፅ ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ ሌሊቱ የሚቆጠረውም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ነው። የእኛንም ሰዓት እዚያው ላይ አደረግነው፦ ከምሽቱ 3 እስከ ጠዋቱ 12። ሯጩ የሚተኛውም በዚያው ሰዓት ስለሆነ ቁጥሩ ከቤቱ ኑሮ ጋር ገጠመ። ዴሲቤሉ ግን ወረቀቱ ላይ አልወጣም፤ እንግዳ ዴሲቤል አይሰማም። የጻፍነው «ቴሌቪዥን ከ15 አይበልጥ» ነው፤ ስድስቱም ቴሌቪዥኖች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ቁጥሩ በሁሉም ይሠራል። ዓይነታቸው የተለያየ ቢሆን ኖሮ ለእያንዳንዱ ክፍል ለየብቻ መለካት ይጠይቅ ነበር።

ከባዱ ኳስ ነው። አብዛኛው የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ አውሮፓ በክረምት ሰዓቷ ላይ ስትሆን እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ይጀምርና ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል። «አይታይም» ብሎ የሚጽፍ ሰው እንግዳውን አያውቀውም፤ እንግዳው ክፍሉ ውስጥ ያየውና ጎል ሲገባ ይጮኻል። ስለዚህ ኳስ በሳሎኑ ይታያል፣ የሳሎኑ በር ይዘጋል፣ ሪሞቱን የሚይዘው የሌሊቱ ተረኛ ነው። ሳሎኑ ከመኝታው በኩል በኩሽናው ስለተለየና የራሱ ጣሪያ ስላለው ጩኸቱ እዚያው ይቀራል።

ከመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የተሰረዘው «500 ብር ቅጣት» የሚለው ነው። ቅጣት በገንዘብ ሲሆን ዋጋ ይሆናል። ከሠርግ የመጡ ስድስት ሰዎች ለስድስት ተካፍለው ከፍለው እስከ ንጋት ሊዘፍኑ ይችላሉ፤ ከፍለዋልና «ዝም በሉ» የሚላቸው ሰው ያፍራል። ገንዘቡን መቀበሉም ሌላ ጠብ ነው። በምትኩ ሦስት ደረጃ ጻፍን። መጀመሪያ ተረኛው በር አንኳኩቶ ይናገራል። ሁለተኛ፣ ስፒከሩ እስከ ጠዋት ሪሴፕሽን ያድራል። ሦስተኛ፣ የቀሪዎቹ ሌሊቶች ኪራይ ተመላሽ ተደርጎ በማግስቱ ክፍሉ ይለቀቃል። ሌሊት ሰው ከግቢ አናስወጣም፤ ከዚህ ሰፈር በዚያ ሰዓት መጓጓዣ አይገኝም፣ ብርዱም ሌላ ነው።

ጎረቤት እንግዳ ራሱ ሄዶ እንዳያንኳኳም ተጻፈ። ሁለት እንግዶች በሌሊት በር ላይ ሲገናኙ ነገሩ ከድምፅ ያልፋል። የሚደውለው ለተረኛው ነው፤ ተረኛው በ10 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ይህ 10 ደቂቃ የኛ ግዴታ ሆኖ ነው ወረቀቱ ላይ የወጣው። ቤቱ ራሱን ያላሰረበት ደንብ ትእዛዝ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የኛ ያልሆነ ድምፅም አለ። የሌሊት ማሕሌት፣ የንጋት አዛን፣ የሰፈር ውሻ፣ በጎጃም መንገድ የሚያልፍ ከባድ መኪና። በፍልሰታ ማለትም ከነሐሴ 1 እስከ 15 የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ይበረታል። ይህን ደንቡ ላይ አልጻፍነውም፤ ክፍል ሲያዝ በስልክ ይነገራል፣ እንቅልፉ ቀላል ለሆነ ሰው ከመንገዱ ራቅ ያለው 6ኛ ክፍል ይሰጠዋል።

ቀን 5፦ ጠያቂ

እዚህ ላይ ነው ወዳጅነትና ጥብቅነት የሚጋጩት። የድሮው ወረቀት ራስጌው ላይ «ቤትዎ ነው» ይላል። ቤቴ ከሆነ እናቴ ለምን በር ላይ ትመዘገባለች? እንግዳው ቢጠይቅ መልስ የለንም። ሰረዝነው። «እንኳን ደህና መጡ» ይበቃል፤ ሊፈጸም የማይችል ነገር አይገባም።

ጠያቂን ፈጽሞ መከልከል በእኛ አገር አይሠራም። ከሩቅ የመጣ ሰው ባረፈበት ዘመድ ድፎ ዳቦ ይዞ ይመጣል። መከልከል ያለበት ሳይመዘገብ ማደሩ ነው፤ ለዚህም ሁለት ምክንያት አለን፣ ሁለቱም ከሥነ ምግባር ስብከት ጋር አይገናኙም።

የመጀመሪያው ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ በየቀኑ አይመጣም፤ ቤቱ የሚኖረው በ2,000 ሊትሩ ሮቶ ነው። በስድስት ክፍል 10 ሰው ቢያድርና አንዱ በቀን 80 ሊትር ቢጠቀም 800 ሊትር ይሄዳል፤ ሮቶው ሁለት ቀን ተኩል ያቆያል። ያልተመዘገቡ አራት ሰዎች አድረው ጠዋት ቢታጠቡ 1,120 ይሆናል፤ ውኃው ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም። ውኃ የሚያልቅበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂውን ያሳደረው ሳይሆን ሯጩ ነው፣ ከልምምድ በጭቃ ሲመለስ። ሁለተኛው ምክንያት ቆጠራ ነው። በሌሊት እሳት ቢነሳ ወይም ሰው ቢታመም ተረኛው በግቢው ስንት ሰው እንዳለ ከመዝገቡ ማወቅ አለበት።

የተጻፈው እንዲህ ነው፦ ጠያቂ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይመጣል። በሳሎኑና በረንዳው ቁጥር የለውም፤ በክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ነው። በር ላይ ስሙና የገባበት ሰዓት ይመዘገባል፤ መታወቂያ ታይቶ ወዲያው ይመለሳል። ፋይዳ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ መንጃ ፈቃድ ወይም ፓስፖርት ይሆናል።

መታወቂያ «በመያዣ» ማስቀረቱን አጥፍተነዋል። ጥበቃው ሲቀያየር ካርድ ይጠፋል፣ ወይም ጠያቂው ረስቶት ይሄዳል። ካርዱን በስልክ ፎቶ ማንሳትም ቀርቷል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ በጥበቃው የግል ስልክ የሰው መታወቂያ ተከማችቶ መገኘቱ የቤቱ ዕዳ ነው። መዝገቡም ቀጣዩ ጠያቂ የበፊቱን ስም እንዳያነብ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አይቀመጥም።

ለማደር የፈለገ ጠያቂ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መታወቂያውን አሳይቶ ይመዘገባል፤ ከዚያ እሱም እንግዳ ነው። ለአንሶላ፣ ለውኃና ለቁርስ 400 ብር ይከፍላል። በአንድ ክፍል ከሁለት አዋቂ በላይ አያድርም። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አያድርም፣ ወደ መኝታ ክፍልም አይገባም። ይህ የመጨረሻው ለማንም አይላላም፤ ስለዚህ ብቻውን በአንድ መስመር ተጻፈ፣ «እባክዎ» የሚል ቃልም አልተጨመረበትም።

ለቅሶ ለይተን አየነው። መርዶ የደረሰው ሰው ዘንድ በአንድ ምሽት 20 ሰው ሊመጣ ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ቀን መዝገብ ይዞ በር ላይ መቆም ነውር ነው። ተረኛው ሳሎኑን ይለቅቃል፣ ወንበር ይጨምራል፣ ሰዓቱን ወደ 4 ይገፋል። ሌሎቹ እንግዶች ይነገራቸዋል። ይህ ግድግዳው ላይ አልወጣም፤ በተረኛው ደብተር ነው የተጻፈው፣ ምክንያቱም ልዩ ሁኔታ በደንብ ወረቀት ላይ ሲወጣ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ይጠይቀዋል።

ቀን 6፦ በር ላይ የሚባለው

ወረቀቱ ስንት ቢያምር ጠያቂው የሚሰማው ጥበቃው የሚለውን ነው። ስለዚህ ከጥበቃው ጋር ተቀምጠን ለሁለት ጊዜያት አባባል አዘጋጀን።

ለ2 ሰዓት ተኩል፦ ተረኛው ለእንግዳው ይደውላል። «ጠያቂዎችዎ ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ብዬ ነው፤ ሰዓቱ 2 ተኩል ሆኗል።» ይህ ውሸት አይደለም፤ ከምሽቱ 3 በኋላ ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄድ ሚኒባስ እየሳሳ ይሄዳል። ጠያቂው ተባረርኩ ሳይል ይነሳል።

ከ3 ሰዓት በኋላ ለሚመጣ፦ «ደህና አመሹ። የመግቢያ ሰዓት አልፏል፤ እንግዳውን ደውዬ ወደ እርስዎ እንዲወጡ ላድርግ።» ጥበቃው መጀመሪያ የሚለው «አይቻልም፣ ይመለሱ» ነበር። በአዲሱ አባባል ደንቡ አልላላም፣ ጠያቂው አሁንም አይገባም። ግን የመጣበት ጉዳይ በሩ ላይ ያልቃል፤ ቁልፍም ያቀብላል፣ መድኃኒትም ይሰጣል፣ ይሄዳል።

ጥበቃው አንድ ጥያቄ አነሳ፦ «ትልቅ ሰው ቢመጡ፣ ለምሳሌ ቄስ ወይም ሽማግሌ፣ እንዴት አድርጌ መታወቂያ እላለሁ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ፦ መጀመሪያ ወንበር ይቀርባል፣ ተቀምጠው ሳሉ «አባ፣ ስምዎን ልመዝግብ» ይባላል። ስምና ሰዓት ይበቃል፤ መታወቂያ ለሚያድር ሰው ግዴታ ነው፣ ለሚቀመጥ ሰው እንግዳው ወጥቶ «ዘመዴ ናቸው» ካለ ይቀራል። ይህንንም ወደ ደንቡ መለስነው፤ ለሁሉም እኩል እንዲሠራ፣ ለወጣቱም ለሽማግሌውም።

ቀን 8፦ የመልቀቂያው ሰዓት ከየት ይመጣል

ብዙ ቤቶች ሰዓቱን ከሌላ ሆቴል ይገለብጡታል። እኛ ከጽዳቱ ተነስተን ወደኋላ ቆጠርን። አንድ የጽዳት ሠራተኛ አለች። በሰዓት ስንይዝ አንሶላ መግፈፍና ቆሻሻ ማውጣት 6 ደቂቃ፣ መታጠቢያ ቤት 12፣ አልጋ ማንጠፍ 8፣ መጥረግና መወልወል 9፤ በድምሩ 35 ደቂቃ ለአንድ ክፍል። ስድስቱም ክፍል በአንድ ቀን ቢለቀቅ 210 ደቂቃ፣ ማለትም ሦስት ሰዓት ተኩል ነው።

የድሮው ልማድ መልቀቂያ 5 ሰዓት፣ መግቢያ 8 ሰዓት ነበር፤ መሐሉ 180 ደቂቃ ብቻ። አምስት ክፍል ይደርሳል፣ ስድስተኛው አይደርስም። የስድስተኛው እንግዳ ሻንጣውን ይዞ ኮሪደር ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው፤ ሠራተኛዋ ስለዘገየች አልነበረም። ሁለት ምርጫ ነበር፦ መልቀቂያውን ወደ 4 ማምጣት ወይም መግቢያውን ወደ 9 መግፋት። ሯጮቹ ከልምምድ ወደ 3 ሰዓት ገደማ ተመልሰው ይታጠባሉ፣ ቁርስ ይበላሉ፤ 4 ሰዓት ላይ ውጡ ማለት ልብሳቸው ሳይደርቅ ነው። ስለዚህ መልቀቂያው ጠዋት 5 ሰዓት ቀረ፣ መግቢያው ከቀኑ 9 ሰዓት ሆነ። 240 ደቂቃ፤ ለምሳ 30 ደቂቃ ይተርፋል።

አንሶላው ሌላ ነገር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የታጠበ አንሶላ በቀኑ አይደርቅም። ለአንድ አልጋ ሁለት ሙሉ አንሶላ ብቻ ካለ የዘገየ እንግዳ ቀጣዩን ያለ አንሶላ ያስቀረዋል። ሦስት ሊኖር ይገባል፦ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ ገመድ ላይ፣ አንዱ ቁም ሳጥን። ይህ ካልተሟላ የመልቀቂያ ደንብ ምንም ቢጠብቅ አያድንም።

ቀን 9፦ «5 ሰዓት» የሚለው

ረቂቁን ለአራት እንግዶች አሳይተን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅን፦ «መቼ ነው የሚወጡት?» ሦስቱ «5 ሰዓት» አሉ። አራተኛው ከውጭ የመጣ ሐበሻ ነው፤ እሱም «5 ሰዓት» አለ፣ ግን ያሰበው ከሰዓት በኋላ 5:00 ነበር፣ ማለትም በኛ 11 ሰዓት። በስድስት ሰዓት ተለያይተን አንድ ዓይነት መልስ ሰጠን። ይህ ስህተት አስቸጋሪ የሚሆነው ማንም ሳይጠራጠር ስለሚያልፍ ነው።

ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱ ሰዓት አብሮ ይጻፋል፤ «ጠዋት» የሚለው ቃልም ከቁጥሩ አይለይም፦ «ጠዋት 5 ሰዓት፣ በፈረንጅ ሰዓት 11:00»። ሥዕልም ተጨመረ፦ ረጅሙ ዘንግ 12 ላይ፣ አጭሩ 11 ላይ የሆነ የግድግዳ ሰዓት። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት የሆነ ሁሉ ያንኑ ያያል።

በቀኑም እንደዚሁ ነው። የእኛ ሌሊት ከምሽቱ ጋር የተቀጠለ ነው፤ የፈረንጁ ቀን በእኩለ ሌሊት ይለወጣል። ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ያለ ሰው በስልኩ ቀኑ ረቡዕ ነው። አንዱ ክፍሉን የማክሰኞ፣ ሌላው የረቡዕ ብሎ ይይዛል፤ እንግዳው በር ላይ ሲደርስ ክፍሉ ወይ ተይዟል ወይ በባዶ አድሯል። መፍትሔው ቀን ሳይሆን አዳር መመዝገብ ነው፦ «የማክሰኞ አዳር፣ ረቡዕ ጠዋት 5 ሰዓት የሚለቀቅ»። ክፍል ሲያዝ ይህ ዓረፍተ ነገር በቃልም በጽሑፍ መልእክትም ይደገማል።

የሌሊት በራሪውን ደግሞ እስከ መጨረሻው አሰላነው። አውሮፕላኑ ከሌሊቱ 5 ተኩል ላይ ይነሳል እንበል። ቦሌ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ማለት 2 ተኩል ነው። ከሱሉልታ ቦሌ በምሽት መኪና መጨናነቅ ሁለት ሰዓት ይያዝለታል፤ ስለዚህ ከዚህ የሚነሳው 12 ሰዓት ተኩል ነው። ክፍሉን የለቀቀው ጠዋት 5 ላይ ነው። መሐሉ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፤ ደንቡ ለዚህ ሰው መልስ ከሌለው «ትንሽ ልቆይ» እያለ እስከ 12 ይቆያል፣ እኛም እያፈርን ዝም እንላለን።

መልሱ ሦስት ሆነ። ሻንጣ በነጻ ይቀመጣል፤ ቁጥር ያለው ካርድ ለሁለት ተቀዶ ግማሹ ሻንጣው ላይ፣ ግማሹ እጁ ላይ ይሆናል። ከመነሳቱ በፊት በኩሽናው በኩል ባለው መታጠቢያ አንድ ጊዜ ይታጠባል፣ ፎጣ ይሰጠዋል። ክፍሉን ራሱን ከፈለገ በፊተኛው ምሽት እስከ 2 ሰዓት ይጠይቃል፤ ክፍሉ ካልተያዘ እስከ ቀኑ 8 በነጻ፣ እስከ ምሽቱ 12 ተኩል በግማሽ ኪራይ ይቆያል። ተይዞ ከሆነ መልሱ «አይሆንም» ነው፣ ሳሎኑ ግን አለ። ሳይጠይቅ ያለፈ ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ የግማሽ ቀን ይከፍላል። 30 ደቂቃዋ የኛ ምህረት ናት፤ ወረቀቱ ላይ አትወጣም፣ ከወጣች መልቀቂያው 5 ተኩል ነው ማለት ነው።

ቀን 11፦ የቃናው ሥራ

ጽሑፉን ጮክ ብለን አነበብነው። ሦስት ነገር ተስተካከለ። «እባክዎ» በየመስመሩ ነበር፤ በየመስመሩ ሲሆን ልመና ይመስላል፣ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። «በጥብቅ የተከለከለ» ወጣ፤ በጥብቅ ያልተከለከለ ምን አለ ያስብላል። «ይጠበቅብዎታል» የሚለው የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ስለሆነ በቀጥተኛ ግሥ ተተካ። ሙቀቱ የመጣው ከምክንያቱና ቤቱ ራሱ ከገባው ግዴታ ነው፤ ጥብቅነቱ ከሰዓቱና ከቁጥሩ።

የመጨረሻው ጽሑፍ፦

«እንኳን ደህና መጡ። በዚህ ቤት አብረን የምናድርበት ደንብ ይህ ነው።

ድምፅ። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 (በፈረንጅ ከ9:00 ማታ እስከ 6:00 ጠዋት) ቤቱ ጸጥ ይላል። ክፍሎቹ ጣሪያ ስለሚጋሩ በር ቢዘጋም ድምፅ ያልፋል፤ ቴሌቪዥን ከ15 አይበልጥ፣ ስፒከር አይከፈት። ኳስ በሳሎን እናያለን። ድምፅ ከረበሸዎ ጎረቤትዎን አያንኳኩ፤ ለተረኛው ይደውሉ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንደርሳለን። ሁለተኛ ጊዜ ከተነገረ ስፒከሩ እስከ ጠዋት ከእኛ ጋር ያድራል፤ ሦስተኛ ከሆነ የቀሪውን ኪራይ መልሰን በማግስቱ ክፍሉን እንረከባለን።

ጠያቂ። ዘመድ ወዳጅዎ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት (ከ8:00 ጠዋት እስከ 9:00 ማታ) ይምጡ። በሳሎንና በረንዳ ቁጥር የለውም፤ በክፍል ሁለት ሰው። በር ላይ ስም ይመዘገባል። ማደር የፈለገ እስከ ምሽቱ 3 በመታወቂያ ይመዝገብ፣ 400 ብር ይክፈል፤ ውኃው በቁጥር ነው፣ በሌሊትም በግቢው ማን እንዳለ ማወቅ አለብን። በአንድ ክፍል ከሁለት አዋቂ በላይ አያድርም።

ከ18 ዓመት በታች ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አያድርም፣ መኝታ ክፍል አይገባም።

መልቀቂያ። ጠዋት 5 ሰዓት (በፈረንጅ 11:00)። ከእርስዎ በኋላ የሚገባው እንግዳ ንጹሕ ክፍል የሚያገኘው በዚህ ሰዓት ሲለቀቅ ነው። መቆየት ከፈለጉ እባክዎ በፊተኛው ምሽት እስከ 2 ሰዓት (8:00 ማታ) ይንገሩን፤ ክፍሉ ካልተያዘ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት (2:00) በነጻ፣ እስከ ምሽቱ 12 ተኩል (6:30) በግማሽ ኪራይ ነው። ሳይነግሩን ከዘገዩ የግማሽ ቀን ይከፈላል። ሌሊት የሚበሩ ከሆነ ሻንጣዎን እናስቀምጣለን፣ ከመነሳትዎ በፊት ይታጠባሉ።»

ቀን 12፦ መስቀል

አንድ ኤ4 ገጽ፣ ፊደሉ 14፣ ሦስቱ ርዕሶች 20። ፊደሉን ወደ 11 ስናወርደው ግማሽ ገጽ ላይ ያምር ነበር፤ መነጽሩን ያላገኘ ሰው ግን አያነበውም። ላሚኔት ተደርጎ ከመብራት ማብሪያው ጎን፣ ከወለሉ 1.5 ሜትር ላይ ተሰቀለ። በሩ ጀርባ ላይ የነበረው በሩ ሲከፈት ይሸፈናል፤ እንግዳው የሚያየው በሩን ዘግቶ ጫማውን ሲያወልቅ ብቻ ነው። መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ የተሰቀለው የ2ኛው ክፍል ወረቀት በአራት ቀን ውስጥ ላሚኔቱ በእንፋሎት ጠርዙ ላይ ተላቀቀ፤ ወረቀቱ በተቆረጠ ጠርዝ በኩል እርጥበት እየጠጣ ስለነበር ነው። ወረቀቱ ከላሚኔቱ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር እንዲያንስ ተቆርጦ እንደገና ተሠራ።

ቁልፍ ሲሰጥ ተረኛው ሦስት ቁጥር ብቻ በቃል ይናገራል፦ ጸጥታ 3 ሰዓት ማታ፣ ጠያቂ 3 ሰዓት ማታ፣ መልቀቂያ 5 ሰዓት ጠዋት። ከዚያ እንግዳው የመልቀቂያውን ሰዓት መልሶ እንዲነግረው ይጠይቃል። «11:00» ያለም «5 ጠዋት» ያለም ልክ ነው፤ «5» ብቻ ካለ ሥዕሉን ያሳየዋል።

የቀረ፦ የአፋን ኦሮሞውና የእንግሊዝኛው ገጽ። ሁለቱም በተናጋሪ ሰው ተነበው «መቼ ነው የሚወጡት?» የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ አይሰቀሉም። የጣሪያው ግድግዳ ሲደፈን ደግሞ 15 የሚለው የቴሌቪዥን ቁጥር እንደገና ይለካል።